ካሜራውን እንከራይ፣ ያገለገለ እንግዛ ወይስ አዲስ?

«ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ አዳማ ነው የምንኖረው። ሦስት ዓመት ሰው ስቱዲዮ ተቀጥረን ሰርግ ስንቀርጽ ቆይተን አሁን የራሳችንን ልንጀምር ነው። በእጃችን ያለው 380 ሺህ ብር ነው። በዓመት ወደ 25 ሰርግ እናገኛለን ብለን እናስባለን፤ ዘጠኙ ጥር ላይ ነው፣ የቀረው ከፋሲካ በኋላና እዚህም እዚያም ነው። አልፎ አልፎ የማስታወቂያ ሥራም ይመጣል። አዲስ ሶኒ ኤ ሰቨን ፎር ቦዲው ብቻ 420 ሺህ ብር ተብለናል። ያገለገለ ኤ ሰቨን ስሪ 170 ሺህ፣ ያገለገለ ታምሮን 28-75 ሌንስ 75 ሺህ አግኝተናል። አዲስ አበባ ኤ ሰቨን ስሪ ከነሌንሱ በቀን 4 ሺህ ይከራያል። ለእሑድ ሰርግ ቅዳሜ ወስደን ሰኞ ስለምንመልስ የሁለት ቀን ያስከፍሉናል፤ ከመመላለሻው ጋር 9 ሺህ ይደርሳል። ጓደኛዬ ‹ተበድረን አዲስ እንግዛ፣ ያገለገለ ራስ ምታት ነው› ይላል። እኔ ደግሞ አንድ ዓመት እየተከራየን እንሥራ ባይ ነኝ። ምን ይመክሩናል?»
(ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ለሁሉም ዕቃ አንድ መልስ አትፈልጉ። አንድ ካሜራ ከነሌንሱ ያገለገለ ግዙ። ሁለተኛውን ካሜራ ለጥር ተከራዩ። ባትሪ፣ ሚሞሪና ሃርድ ዲስክ ግን አዲስ ይሁን። እዚህ ላይ የደረስኩት በሒሳብ ነውና ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዋጋዎቹ ሲቀያየሩ ራሳችሁ እንደገና ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ያገለገለው ቦዲና ሌንስ አንድ ላይ 245 ሺህ ብር ነው። ይህ ገንዘብ ግን ሁሉም አይጠፋም። ካሜራው ከሁለት ዓመት በኋላም ይሸጣል። በ150 ሺህ ትሸጡታላችሁ እንበል፤ ሆን ብዬ ዝቅ አድርጌዋለሁ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ለጥገና 25 ሺህ ይወጣል ብለን እንጨምርበት። እንግዲህ ዕቃው የሚያስወጣችሁ 95 ሺህ ሲደመር 25 ሺህ፣ በድምሩ 120 ሺህ ነው። በዓመት 60 ሺህ ማለት ነው። ይህንን ለአንድ ሰርግ በምትከፍሉት 9 ሺህ ስታካፍሉት ሰባት ገደማ ይመጣል። በዓመት ከሰባት ሰርግ በላይ የሚወጣ ካሜራ መግዛቱ ያዋጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ኪራይ ይሻላል።

አንድ ማስተካከያ አለ። ጥር ላይ ቅዳሜም እሑድም ሰርግ ይኖራችኋል። ያኔ ዓርብ ወስዳችሁ ሰኞ ስትመልሱ የሦስት ቀን ኪራይ፣ 12 ሺህ፣ ከአንድ ሺህ መመላለሻ ጋር 13 ሺህ ትከፍላላችሁ። ለሁለት ሰርግ ሲካፈል አንዱ 6,500 ይሆናል። በዚህ ዋጋ ደግሞ ድንበሩ ከሰባት ወደ ዘጠኝ ከፍ ይላል። ቢሆንም የመጀመሪያው ካሜራችሁ 25ቱም ሰርግ ላይ ይወጣል። ሁሉንም በርካሹ ዋጋ ብትከራዩት እንኳ በዓመት 162 ሺህ ከ500 ብር ታወጣላችሁ። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉንም መከራየት የሚለው ሐሳብህ አያዋጣም።

የኪራይ ትልቁ ችግር ግን ዋጋው አይደለም። የሰርግ ሥራ አንድ ወቅት ላይ ይከማቻል። ነቢያት ጾም ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሲፈታ፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ለማግባት ሁሉም ጥር ላይ ይሯሯጣል። እናንተ ካሜራ የምትፈልጉበት እሑድ የአዲስ አበባ፣ የቢሾፍቱና የአዳማ ቀራጭ በሙሉ የሚፈልግበት እሑድ ነው። አከራዩ ለቆየ ደንበኛው ያደላል። «ተይዟል» ሲላችሁ ቅዳሜ ማታ ከሆነ ሙሽሮቹን ሌላ ቀን አግቡ ልትሏቸው አትችሉም። ቢያንስ አንድ ካሜራ እቤታችሁ ማደር አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ ሐሳብ እንምጣ። ኤ ሰቨን ፎር በእርግጥ የተሻለ ካሜራ ነው። ለእናንተ ሥራ ትልቁ ልዩነት የቀረጻው ርዝመት ነው። ኤ ሰቨን ስሪ 29 ደቂቃ ላይ ራሱ ያቆማል፣ ፎሩ ግን ይቀጥላል። በረዥም ሥርዓተ ተክሊል ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው ሁለቱን ካሜራ በአንድ ጊዜ አለማስጀመር ነው። አንዱ ከሌላው አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምር። አንዱ ሲቆም ሌላው እየቀረጸ ስለሚሆን ምንም አያመልጣችሁም። ሌላው ልዩነት ፎሩ 10 ቢት መቅረጹ ነው። ቀለም በሰፊው ለሚሠራበት ማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ለሰርግ ግን ሙሽራዋ ቬሎዋ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ እንጂ ቢቱን አትጠይቅም። ማስታወቂያ ሲመጣ ፎሩን ለዚያ ቀን ተከራዩና ኪራዩን ዋጋችሁ ላይ ራሱን ችሎ አስገቡት። የማስታወቂያ ደንበኛ ይህን ይረዳል።

ብድሩ የበለጠ ያሳስበኛል። ቦዲው ብቻ ካላችሁ ገንዘብ ይበልጣል፤ ሌንስ ሲጨመር 495 ሺህ ይደርሳል። ብድር በየወሩ ይከፈላል፣ ሰርግ ግን በየወሩ አይመጣም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት የተዋሕዶ ሰርግ የለም፣ ክፍያው ግን ይኖራል። የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ደንበኛ ካላችሁ ክፍተቱ ይጠባል፤ አዳማ ላይ ይህ ይቻላል። ነገር ግን ጀማሪ ስቱዲዮ በመጀመሪያው ዓመቱ ይህን ሁሉ ደንበኛ ይዣለሁ ብሎ መፈረም የለበትም።

አዲስ ዕቃ ሲገዛ የምንከፍልበት ዋናው ነገር ዋስትናው ነው። አዲስ የተባላችሁት ካሜራ እንዴት እንደገባ ጠይቁ። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሰው በሻንጣ ያመጣው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ዋስትናው የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው። ሲበላሽ መልሶ የሚልክላችሁ ሰው ከሌለ የአዲስ ዋጋ ከፍላችሁ የአሮጌ ዕቃ ስጋት ተሸከማችሁ ማለት ነው። ሻጩ ሱቅ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥና የራሱን ዋስትና በጽሑፍ የሚሰጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል።

«ዕቃ ግዛ፣ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» የሚላችሁም አይጠፋም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ካሜራውን ከገዛበት በላይ ብር የሸጠ ሰው አለ። ግን ያ ሰው በሸጠበት ብር ሌላ ካሜራ ልግዛ ሲል የዚያም ዋጋ ጨምሮ ይጠብቀዋል። እያተረፈ የመሰለው ቆሞ ነው። ሒሳባችሁን በዚህ ላይ አትገንቡ።

ያገለገለ ራስ ምታት ነው የሚለው የጓደኛህ ፍርሃት ግን መሠረት አለው። ራስ ምታቱ የሚመጣው ካፌ ውስጥ አብርቶ አጥፍቶ ከመግዛት ነው። ካሜራውን ቀን፣ መብራትና ጠረጴዛ ባለበት ቦታ እዩት። ላፕቶፕ ያዙ፣ የራሳችሁን ሁለት ሚሞሪ ያዙ፣ አንድ ሰዓት ስጡት። አንድ ሰዓት የማይሰጣችሁ ሻጭ ካለ ትታችሁት ሂዱ።

መጀመሪያ 4ኬ ላይ አድርጋችሁ ቀረጻ አስጀምሩና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። 29ኛው ደቂቃ ድረስ ይቅረጽ። ከመሐል ቢጠፋ፣ የሙቀት ምልክት ቢያወጣ ወይም ባትሪው በፍጥነት ቢያልቅ ያኔ ታያላችሁ። ባትሪው ቶሎ ካለቀ በሌላ ባትሪ ድገሙት፤ ችግሩ የባትሪው ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ የሚሞሪ ቦታዎች ላይ በየተራ ቅረጹ፣ ፋይሎቹን ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ። ሰርግ ላይ ሁለቱም ሚሞሪ ላይ በአንድ ጊዜ እየቀረጻችሁ ስለምትሠሩ አንዱ ቦታ የሞተ ካሜራ ለእናንተ አይሆንም።

ቀጥሎ ሴንሰሩ ነው። ለሰርግ ካሜራ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። አዳራሽ ውስጥ ዲጄው የሚያበራው ሌዘር ቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ከገባ ሴንሰሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ጉዳቱም አይጠገንም፣ ሴንሰሩ መቀየር አለበት። ሌንሱን ክዳኑን ዝጉበት፣ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉና ጥቂት ሰከንድ ቅረጹ። ላፕቶፕ ላይ በሙሉ ስክሪን ስታዩት ቦታ የማይለቅ ባለቀለም ነጥብ ወይም ቀጭን መስመር ካለ ጉዳት አለ። አንድ ሁለት ትንሽ ነጥብ ለመደራደሪያ ይሆናል፤ መስመር ካያችሁ ግን አትግዙ። ከዚያ ሌንሱን F16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ፎቶ አንሱ። ጥቁር ጠብታ የሚመስለው አቧራ ነው፣ በጽዳት ይለቃል። በዚያ አትደንግጡ።

«ስንት ሺህ ፎቶ አንስቷል?» ብሎ መጠየቅ ለእናንተ ብዙም አይረዳም። የተቆጠረው የፎቶ መዝጊያው ነው፣ ቪዲዮ ሲቀረጽ እሱ አይሠራም። በቆጠራው አዲስ የሚመስል ካሜራ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ሰርግ ሲቀርጽ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ሰውነቱን አንብቡት። ሞኒተር ወይም ጂምባል ላይ የኖረ ካሜራ ትንሿ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ትላላለች። ገመድ ሰክታችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፤ ምስሉ ከጠፋ መሰኪያዋ አልቋል። ሥሩ ላይ ያለው የስታንድ ብሎን ቀዳዳም ጥርሱ ይበላል። ሜኑውንም ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሶኒ ከሆነ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ቋንቋውም አይቀየርም። ዋጋው ቅናሽ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ሌንሱ ይቀላል። የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ይስፋፋልና ተዉት። ትንሽ አቧራ ምስሉ ላይ አይታይም። ካሜራው ላይ ሲገጠም መላላቱንና ዙሙ ሲዞር መንገራገጩን ፈትሹ። ጥሩ ሌንስ ከካሜራው በላይ ዕድሜ አለው፤ ዋጋውም ቶሎ አይወድቅም። እንዲያውም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዙ ብባል ሌንሱን እመርጥ ነበር።

ስትስማሙ በሥሩ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ውል ላይ ጻፉ፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዙ። በደላላ ከሆነም ባለቤቱ ራሱ ይፈርም። ካሜራ ይሰረቃል፣ የተሰረቀ ካሜራ ደግሞ ያለ ካርቶንና ያለ ቻርጀር በርካሽ ይመጣል።

አዲስ ይሁን ያልኩህ ነገሮች ላይ አትቆጥቡ። ያገለገለ ባትሪ ስንት እንደቀረው አይታወቅም። አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል፤ መቶኛውን በትክክል ሳያሳይ በድንገት ይጠፋል። ሦስት ትክክለኛ የሶኒ ባትሪ ያዙ። ሚሞሪ ሲገዛ ደግሞ 128 ጊጋ የተጻፈበት በውስጡ 16 ብቻ የሆነበት ያጋጥማል። ካሜራው ይህን አያውቅም፤ እየቀረጸ ይመስላል፣ ከተወሰነ በኋላ ያለው ፋይል ግን አይከፈትም። ኮምፒውተር ላይ H2testw የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሚሞሪውን እስከ አፉ ይሞላና መልሶ ያነባል፤ የውሸት ከሆነ ያጋልጠዋል። አዲስ የገዛችሁትን እያንዳንዱን ሚሞሪ ሰርግ ላይ ከመውሰዳችሁ በፊት በዚህ ፈትኑት።

ለባትሪ፣ ለሚሞሪ፣ ለሁለት ሃርድ ዲስክ፣ ለማይክና ለስታንድ 90 ሺህ ብር መድቡ። ከካሜራው ተርፎ ከነበረው 135 ሺህ ላይ 45 ሺህ ይቀራል። እሱን አትንኩት። ለጥገናና ሥራ ለሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ካሜራስ? እሱም 25ቱ ሰርግ ላይ የሚወጣ ከሆነ በሒሳቡ መገዛት አለበት። ግን አሁን ገንዘቡ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥር በኪራይ ተሻገሩ። ከዘጠኙ ሰርግ ስድስቱ ቅዳሜና እሑድ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢወድቁ ሦስት ጊዜ 13 ሺህ፣ 39 ሺህ ነው። የቀሩት ሦስቱ በ9 ሺህ 27 ሺህ ናቸው። ድምሩ 66 ሺህ፣ በየሰርጉ ሲካፈል 7,300 ብር ገደማ። ይህን ዋጋችሁ ላይ አሁኑኑ ጨምሩት፤ ኪራዩን ከሙሽሮቹ ቀብድ ላይ ክፈሉ እንጂ ከ45 ሺው አትንኩ። ሙሽራው ቀብድ በከፈለበት ሳምንት እናንተም ለአከራዩ ቀብድ ከፍላችሁ ቀኑን አስይዙ፣ በጽሑፍ።

ስትከራዩ ራሱን ኤ ሰቨን ስሪ ተከራዩ። ሌላ ዓይነት ካሜራ ከሆነ የሁለቱ ቀለም አይገጥምም፣ ኤዲቲንግ ላይ ቀናት ይበላል። ባትሪና ሌንስም አትጋሩም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዕቃውን ዙሪያውን በስልክ ቅረጹት፣ ጭረቱንና ሲሪያል ቁጥሩን ጨምሮ። የሌዘሩን ፍተሻም ሲወሰድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ አድርጉት። ሌላ ሰው ያቃጠለውን ሴንሰር እናንተ ላይ ሊጫን የሚችለው ማስረጃ ከሌላችሁ ነው። ውሉ ላይ ቢሰበር ማን ስንት ይከፍላል የሚለው በብር ይጻፍ። «የገበያ ዋጋ» የሚል ብቻ ከሆነ የአዲሱን ዋጋ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ጥር አልፎ ዓቢይ ጾም ሲገባ ሁለተኛውን ግዙ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ካሜራውን ለገበያ የሚያወጣ ሰው ይበዛል፣ ለመደራደርም ለመፈተሽም ጊዜ አላችሁ። ታኅሣሥ ላይ የሚገዛ ሰው ግን ተጣድፎ ይገዛል፣ ሻጩም ያውቀዋል።

ድሮንን ለመግዛት አታስቡ። ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ሰርግ ላይ የሚፈለገውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሙሽሮቹ ከፈለጉ ፈቃድ ያለውን ሰው ከነድሮኑ ቅጠሩ፣ ዋጋውን ለይታችሁ ንገሯቸው። ጂምባልም በየሰርጉ ካልወጣ ለካሜራው እንደሠራነው የራሱን ዋጋና ኪራይ አስልታችሁ ዳኙት።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር ልጨምር። 380 ሺው የሁለታችሁ ነው፣ ካሜራው ግን አንድ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ስንት እንዳዋጣችሁ፣ ካሜራው ማን ቤት እንደሚያድር፣ ለግል ሥራ የወሰደው ሰው ለስቱዲዮው በቀን ስንት እንደሚከፍል ጻፉ። አንዳችሁ ልውጣ ብትሉ ካሜራው የሚገመተው በተገዛበት ሳይሆን በዚያ ቀን ገበያ ላይ በሚያወጣው ዋጋ ይሁን፤ የሚቀረው ሰው በስንት ወር ከፍሎ እንደሚጨርስም አብሮ ይስፈር። ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ አንድ አንድ ኮፒ ያዙ።